ከሰርግ በኋላ ፎቶግራፈሩን፣ ኬተሪንጉንና አዳራሹን ሪቪው ስታደርጉ፦ ቃል የተገባውን ከተሰጠው ጋር ማመሳከር በዝርዝር

የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኬ ላይ አንድ ረጅም ሪቪው ጻፍኩ፣ «ምግቡ አለቀ፣ እንግዳ ፊት አዋረዱን፣ ፎቶግራፈሩ አርፍዶ መጣ፣ መብራት ጠፋ» ምናምን እያልኩ። ደግነቱ ባትሪው አለቀና ሳልለጥፈው ተኛሁ። ከሁለት ወር በኋላ ፎቶዎቹ ሲመጡ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳመሳክር ከጻፍኩት ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኘ፣ የሚገርመው ደግሞ ዋናዎቹን ጥፋቶች ያን ቀን ጭራሽ አላየኋቸውም ነበር።

እና እዚህ የምጽፈው ያኔ ያደረግኩትን ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፣ በሰርግ ቀን ቤተሰቡ ምንም አያይም። ሙሽራዋ ቬሎዋን፣ እናት እንግዳዋን፣ እኔ ደግሞ የጠፋች የቤት ቁልፍ ስፈልግ ነው የዋልነው። ቀኑን ሙሉ ያየ ምስክር ካሜራው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፎቶና ቪዲዮው ፎቶግራፈሩን ለመገምገም ብቻ ሳይሆን ኬተሪንጉንና አዳራሹንም ለመገምገም ይጠቅማችኋል።

1. ቃል የተገባውን ሰብስቡ፣ ሳይጠፋ

ውል አለን ብላችሁ አትዘናጉ። የኛ የኬተሪንግ ውል አንድ ገጽ ናት፣ «ለ350 ሰው» ብላ የምግቦቹን ስም ደርድራ በቃ። የቀረው ቃል ሁሉ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፣ የተወሰነው በጽሑፍ፣ የበዛው በቮይስ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሰውዬው የላከውን መልእክት ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፣ ስለዚህ ገና ሰርጉ እንዳለቀ፣ ሁሉም ሰው በሰላም እያለ፣ ቻቱን ስክሪንሾት አንሱና አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱ። ቮይሶቹን እየሰማችሁ ቃል በቃል ጻፉት፣ ቀኑን ጭምር። የፓኬጁን ፍላየር፣ ያሳዩዋችሁን ናሙና አልበም ፎቶ፣ የቀብድ ደረሰኙን እንዲሁ።

ከዛ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በግራ በኩል ቃሉን ጻፉ። እዚህ ጋ አንድ ማጣሪያ አለ፣ ሊቆጠር ወይም ሊለካ የማይችል ቃል ለብቻው ይቀመጥ። «በቂ ምግብ»፣ «ምርጥ ፎቶ»፣ «አንደኛ መስተንግዶ» የሚባሉት ሻጭ የሚላቸው ነገሮች ናቸው፣ እነሱን ይዛችሁ አትከራከሩም። «8 አስተናጋጅ»፣ «ሁለት ፎቶግራፈር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ»፣ «ጄኔሬተር አለን፣ ወዲያው ይነሳል» ግን ይቆጠራሉ። እኛ ጋ ይህን ሳጣራ ከሃያ ምናምን ቃል የቀረኝ አስራ አንድ ነው። የተባለው በአፍ ብቻ ከሆነና ማስረጃ ከሌላችሁ አጠገቡ «በቃል» ብላችሁ ጻፉበት፣ ሪቪው ላይ ሲገባም እንደዛው ተብሎ ነው የሚገባው።

2. ፎቶዎቹን በፋይል ተቀበሉ፣ ከዛ ሰዓቱን አስተካክሉ

በቴሌግራም ልላክላችሁ ካላችሁ እሺ እንዳትሉ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው መረጃም ይጠፋል። በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ተቀበሉ፣ ካልሆነ ደግሞ እንደ ፋይል ይላክ። ከዛ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ Properties፣ ቀጥሎ Details ስትሉ Date taken እና Camera model የሚሉ መስመሮች ታገኛላችሁ። መቼ እንደተነሳና በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ ማለት ነው። ኤዲት ሲደረግ ይህ መረጃ ተራግፎ ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ በሰላም «ወንድሜ፣ ኦርጅናሎቹን ከየቦታው አምስት አምስት ስጠኝ» በሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የካሜራ ሰዓት በራሱ አይስተካከልም፣ ባለቤቱ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ ሊዛባ ይችላል። እኔ የመጀመሪያው ፎቶ 07:48 ይላል ብዬ፣ ማለትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ48፣ 12 ሰዓት ሊመጣ የተቀጠረ ሰው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው አርፍዷል ብዬ ልጮህ ነበር። በኋላ ሚዜዎቹ «በር አንከፍትም» ሲሉ እኔ ራሴ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አገኘሁ፣ የስልክ ሰዓት ደግሞ ከኔትወርክ ስለሚመጣ ይታመናል፣ እሱ 10:06 ይላል፣ የሱ ካሜራ ያንኑ ቅጽበት 11:10 ይላል። ካሜራው በ1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይቀድማል ማለት ነው። ስለዚህ ሰውዬው ቤት የደረሰው 06:44 አካባቢ ነው፣ 44 ደቂቃ አርፍዷል እንጂ ሁለት ሰዓት አልቀረበም። ሁለት ካሜራ ካለ ለየብቻ አመሳክሩ፣ ሁለቱ እኩል ላይሳሳቱ ይችላሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ ከተስተካከሉ በኋላ ያሉት ናቸው።

3. ኬተሪንግ፦ «አለቀ» ብቻ አትበሉ፣ ስንተኛው ሰው ላይ አለቀ?

ያን ቀን የሰማነው «ምግብ አለቀ» የሚለውን ነው። ውሉ ለ350 ሰው ነው። የመጣው ስንት ነው? አዳራሹ ክብ ጠረጴዛዎች ነበሩት፣ እያንዳንዱ አስር ሰው ይይዛል፣ ሙሉውን አዳራሽ የሚያሳየውን ቪዲዮ አቁሜ ስቆጥር 43 ጠረጴዛ ሙሉ ነው። 430 ሰው። የጥሪ ካርዱ ላይ «ከነቤተሰብዎ» ብለን ያተምነው እኛው ነን እንግዲህ፣ ይህንን ኬተሪንጉ ላይ መጫን ነውር ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ትንሽ ያደክማል ግን ዋናው እሱ ነው። የኛ ኤምሲ ሰዉን ወደ ቡፌው በጠረጴዛ በጠረጴዛ እየጠራ ነበር ያስነሳው፣ ስለዚህ በፎቶው ላይ ቡፌው ጋ የቆሙትን ፊታቸውን እያየሁ የትኛው ጠረጴዛ እንደሆኑ ማወቅ ቻልኩ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ የተነሳው 14:10፣ በኛ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ዶሮ ወጡን ስከታተል ድስቱ ውስጥ ብልትና እንቁላል ያለበት የመጨረሻው ፎቶ 37ኛው ጠረጴዛ ሲነሳ ነው። 370 ሰው ማለት ነው። ከዛ በኋላ ያሉት ስድስት ጠረጴዛዎች መረቅ ብቻ ነው የደረሳቸው፣ እዛ ደግሞ የአባቴ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለነበሩ ነው ጩኸቱ የበዛው። ሂሳቡን ደግሞ እዩት፣ አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፣ ለ350 ሰው አንድ አንድ ብልት ከተባለ 30 ዶሮ ይበቃል፣ 360 ብልት ይወጣዋል። 370 ሰው ጋ ደረሰ ማለት የኬተሪንጓ ሴትዮ ቃሏን ጠብቃለች፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምራለች። የኔ የማታው ሪቪው ዶሮ ወጡን ነበር የሚሰድበው።

ክትፎውስ? ክትፎ ያለቀው 19ኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። 15:02 ላይ በተነሳ አንድ ፎቶ ላይ የክትፎው ትሪ ባዶውን ይታያል፣ ጎኑ የቀረ አይብና ጎመን ብቻ፣ አንዲት አክስቴ ማንኪያ ይዛ ትሪውን እያየች። 190 ሰው፣ ለ350 ቃል ከተገባ። ያን ቀን ግን ስለ ክትፎ አንድም ሰው አላጉረመረመም፣ ቀድሞ ስላለቀ ብዙው እንግዳ መኖሩንም አላወቀም።

ፎቶው ሌላም ነገር አሳየኝ። ቃሉ በቮይስ «በየምግቡ ላይ አንድ አስተናጋጅ ቆሞ ያድላል፣ ስምንት ልጆች አሉን» የሚል ነበር። ከቡፌው ጀርባ ያሉትን ዩኒፎርም የለበሱትን በሰባት የተለያዩ ፎቶዎች ቆጠርኩ፣ አንዱም ፎቶ ላይ ከአምስት አይበልጡም፣ ክትፎው ጋ ማንም አልቆመም፣ ሰዉ ራሱ ነው የሚያወጣው። ራሱ ሲያወጣ ደግሞ ይታወቃል። በአንድ ፎቶ ብቻ ግን አትፍረዱ፣ አንዱ ልጅ ድስት ሊቀይር ሄዶ ይሆናል፣ ለዛ ነው ሰባት ያየሁት።

ጥሩውንም መዝግቡ። ለሙስሊም እንግዶቻችን 25 ሰው ተብሎ የተለየ ምግብ ታዝዞ ነበር፣ በሌላ ጥግ፣ በሌላ ዕቃ፣ የራሱ አስተናጋጅ ቆሞበት፣ ለሁሉም ደርሶ ተርፏል። ብዙ ሰርግ ላይ ይህ ነው የሚበላሸው፣ አንዱን ጭልፋ እዚህም እዚያም ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ ስለዚህ ይህን በትክክል የሠራ ሰው ስሙ ይነሳ።

4. ፎቶግራፈር፦ አልበሙ እጃችሁ ሳይገባ አንድ መስመር አትጻፉ

የፎቶ ሥራ የሚያልቀው አልበሙ ሲመጣ ነው። በሳምንቱ የተላከችላችሁን ሃያ ፎቶ አይታችሁ አምስት ኮከብ ከሰጣችሁ በኋላ ሰባት ወር ብትጠብቁ የሚሰማችሁ የለም።

የኛ ትልቁ ቃል ሁለት ፎቶግራፈር ነበር፣ አንዱ ሲኤምሲ ሙሽራዋ ቤት፣ ሌላው ጎሮ ሙሽራው ቤት፣ ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ። ፎቶዎቹን በ Camera model ለይቼ ስደረድር ጠዋት ላይ ያለው አንድ የካሜራ ዓይነት ብቻ ነው። ሙሽራዋ ቤት ከ06:44 እስከ 08:31፣ ከዛ ያው ካሜራ ሙሽራው ቤት 09:25 ላይ ብቅ ይላል፣ ልጁ ለብሶ ጨርሶ ሊወጣ ሲል። ሱፉን ሲለብስ፣ አባቱ ከረባቱን ሲያስተካክሉለት፣ ምንም የለም። ሁለተኛው ካሜራ መጀመሪያ የሚታየው 12:40 ላይ ነው፣ የመናፈሻው ፕሮግራም ላይ። አንድ ሞዴል ብቻ መታየቱ በራሱ ማስረጃ አይሆንም፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ካሜራ ሊይዙ ይችላሉ፣ ግን በአንድ ሰዓት በሁለቱም ቤት የተነሳ አንድም ፎቶ ካልተገኘ ሰውዬው አንድ ነው። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው፣ አንድ ሰው ሁለት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሊሠራ ስለሚችል ሁለት ሞዴል አየሁ ብላችሁ ሁለት ሰው ነበር አትበሉ።

ስለ 44 ደቂቃው ደግሞ፣ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ራሷ 12 ሰዓት ተኩል ነው የደረሰችው። አርፍዷል ግን ያመለጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ሪቪው ላይ ከጻፍኩት ይህንንም አብሬ መጻፍ አለብኝ።

አልበሙ ላይ የተጣላንበት ነገር «40 ገጽ» የሚለው ነበር። የመጣው 20 ቅጠል ነው፣ እናቴ ግማሹን በሉት ብላ ተነሳች። ገጽና ቅጠል ግን የተለያዩ ናቸው፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ ሲቆጠር 40 ገጽ ይሞላል፣ ውሉ ገጽ ነው የሚለው። ተረትተናል፣ ከወረቀቱ ላይ ሰረዝኩት። መጠኑን በሜትር ለካሁ፣ 30 በ40 ሳንቲም፣ ልክ ነው። ሕትመት ዳሩ ስለሚቆረጥ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብታንስ ዝም በሉ።

አንዱ ግን ሁለት ገጽ ይዞ የተዘረጋው ትልቁ ፎቶ ደብዝዟል። ቅርብ ሆናችሁ ስታዩት የቬሎው ዳንቴል ቀልጦ ነው የሚታየው፣ የጠርዙ ክር አይለይም። ምክንያቱን ለማወቅ ሂሳቡ ቀላል ነው። ጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ያህል ነጥብ ይፈልጋል፣ 60 ሳንቲም ደግሞ ወደ 23.6 ኢንች ነው፣ ስለዚህ በዛ በኩል 7,000 አካባቢ ፒክስል ቢኖር ይመረጣል፣ ከርቀት ለሚታይ ነገር ግማሹም ያስኬዳል። የኛዋ ፎቶ 1280 ፒክስል ሆና ተገኘች፣ በኢንች 54 ነጥብ ማለት ነው። እኛ «ይቺን አስገባት» ብለን በቴሌግራም መልሰን የላክንለትን የተጨመቀ ፎቶ ኦርጅናሉን ሳይፈልግ እንዳለ አልበሙ ላይ ለጥፎታል።

5. አዳራሹ

እዚህ ጋ ብዙ የሚባል የለም፣ ሦስት ነገር ነው ያየሁት። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር ወዲያው ይነሳል ተብለን ነበር። ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ጠይቁ፣ ኤዲት የተደረገው ላይ ጨለማው ተቆርጦ ወጥቷል። በኛው ጥሬ ቪዲዮ ላይ ሙዚቃው የተቋረጠው 15:21 ነው፣ የተመለሰው 15:33፣ 12 ደቂቃ። ወንበር 400 ነበር ቃሉ፣ 30 ሰው ሲተርፍ ከመጋዘን አውጥተው ያለ ክፍያ ጨመሩልን፣ ይህ ይጻፍላቸው። ሽንት ቤት ከ10 ሰዓት በኋላ ውሃ አልነበረም፣ ለዚህ ፎቶ የለም መቼም፣ ስለዚህ እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት እንግዶችን ለየብቻ ጠየቅኩ፣ ሁለቱም ያንኑ ሰዓት አሉኝ። ማመሳከሪያ የሌለው ነገር ሲገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ፣ «እንዴ ውሃ አልነበረም አይደል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ «ሽንት ቤቱ እንዴት ነበር?» በሉና ራሳቸው ይንገሯችሁ።

6. ከመለጠፋችሁ በፊት ደውሉ

ወረቀቱ በቀኝ በኩል ሲሞላ እያንዳንዳቸው ጋ ደወልኩ። «ሪቪው ልጽፍ ነው ገንዘብ መልሱ» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፣ እሱ ማስፈራራት ነው፣ ከዛ በኋላ የምትጽፉትንም ማንም አያምንም። «ይህንን አይቻለሁ፣ ምን ተፈጥሮ ነው?» ብቻ።

የኬተሪንጓ ሴትዮ ያለችኝ ለኔ የዚህ ሁሉ ልፋት ዋጋ ነው። «የኔ ቆንጆ፣ ክትፎ ለሁሉም ሰው አይሠራም'ኮ፣ ቡፌ ላይ ሁሉም ሁሉንም ስለማያነሳ ስድሳ በመቶ ነው የምናሰላው» አለችኝ። የ350 ስድሳ በመቶ 210 ነው፣ 190 ላይ አለቀ፣ ማንም ስላላደለው ትንሽ ፈጥኖ ሄደ፣ ሂሳቡ ገጠመ። ውሸታም አይደለችም፣ ግን ይህንን ስሌት ስንዋዋል አልነገረችንም፣ ዋጋውም የተሰላው በ350 ሰው ነው። አስተናጋጆቹን በተመለከተ ሦስቱ ልጆች የዛን ቀን ሌላ ሰርግ ሄደውባት እንደነበር አመነች።

ፎቶግራፈሩ የደበዘዘውን ገጽ በራሱ ወጪ አሳትሞ ቀየረ፣ ሁለተኛውን ሰው በተመለከተ ግን «ታሞብኝ ነው» ብሎ ከቀሪው ክፍያ ትንሽ ቀነሰ። አዳራሹ አልመለሰም።

7. ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል

ለየአንዳንዱ ለየብቻ ጻፉ፣ ሦስቱን በአንድ አትደባልቁ፣ የመብራቱ ጥፋት ኬተሪንጓ ላይ ይለጠፋል። ቀኑን፣ የሰዉን ብዛት፣ ቃሉን፣ የተሰጠውን፣ የናንተን ጥፋት፣ የሰጡትን መልስ። ቅጽል ቀንሱ። እኔ ለኬተሪንጓ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ጥር ላይ የእህቴን ሰርግ ሠርተውልናል። ውላችን ለ350 ሰው ነበር፣ የመጣው ግን ወደ 430 ነው፣ ያ የኛ ጥፋት ነው። ዶሮ ወጥ ወደ 370 ሰው ድረስ ደርሷል፣ ጣዕሙም ሁሉም የመሰከረለት ነው። ክትፎ 190 ሰው አካባቢ ላይ አልቋል። ስንጠይቅ ክትፎ ለ60 በመቶ ሰው ብቻ እንደሚያሰሉ ነገሩን፣ ስንዋዋል ግን አልተነገረንም፣ ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት እያንዳንዱ ምግብ ለስንት ሰው እንደሚሠራ ጠይቃችሁ አስጽፉ። 8 አስተናጋጅ ተብሎ ቡፌው ላይ ያየነው 5 ነው። ለሙስሊም እንግዶች የተዘጋጀው ምግብ ሙሉ በሙሉ እንደተባለው ነበር። ስንደውል በትህትና መልሰውልናል።»

«ሌባ»፣ «አጭበርባሪ» የሚባል ቃል የለበትም፣ አይታችሁታል። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ሲያስቀምጥ የሰውን ክብር ለመጉዳት ታስቦ የተነገረ ከሆነ ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ይናገራል፣ «እውነቴን ነው» ማለት ብቻውን አያድንም ማለት ነው። ስለ ሥራው ጻፉ፣ ስለ ሰውዬው ባህሪ አትጻፉ፣ የአስተናጋጆቹንና የእንግዶቹን ፊት የሚያሳይ ፎቶም አትለጥፉ። የባዶ ትሪው ፎቶ ይበቃል፣ አክስቴን ቆርጬ አውጥቻታለሁ።

ኮከብ የሚሰጥበት ቦታ ከሆነ እኔ የማደርገው ከተቆጠሩት ቃሎች ስንቱ ተፈጸመ የሚለውን አይቼ ነው፣ ኬተሪንጓ ከአራት ሁለቱን ሙሉ፣ ሁለቱን በግማሽ፣ ሦስት ኮከብ ሰጠኋት። ፎቶግራፈሩን አልበሙ እስኪቀየር ጠብቄ ሦስት። አዳራሹ ሁለት ሊሆን ነበር፣ ለ30ዎቹ ወንበሮች ስል ሦስት አደረግኩት፣ እናቴ አሁንም አልተስማማችም። ከለጠፍኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬተሪንጓ ከሥሩ «ከአሁን በኋላ በየምግቡ የሰው ብዛት እንጽፋለን» ብላ መለሰች፣ እኔም ሪቪውዬን ከፍቼ ያንን በቀኑ ጨመርኩበት፣ ኮከቡን ግን አልነካሁትም፣ የኛ ሰርግ ላይ የነበረው ያው ነውና።